ከእጁ ሲወድቅ የሚጠፋው መጫወቻ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ወንድ ልጄ 5 ዓመት ሊሞላው ነው። ከተወለደ ጀምሮ አያይም፤ ሐኪሞች በቀኝ ዓይኑ ብርሃን ብቻ እንደሚለይ ነግረውናል። አጎቱ ከአዲስ አበባ የሚዘፍንና መብራት የሚያበራ መኪና ልኮለት ነበር። አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ እየተጫነ ጆሮው ላይ ለጥፎት ይውላል፤ ሌላ ምንም አያደርግበትም። ሌላ ነገር ስሰጠው ደግሞ ከእጁ ከወደቀ አይፈልገውም፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። የ3 ዓመት እህቱም የያዘውን ሁሉ ትነጥቀዋለች። ገበያ ስወጣ የማገኘው መጫወቻ ሁሉ ለሚያይ ልጅ የተሠራ ነው። ምን ልግዛለት? — እናቱ»

እህቴ፣ ገበያ ከመውጣትሽ በፊት ከእጁ ስለሚወድቀው ነገር እናውራ። ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል።

ትንሿ ልጅሽ ኳስ ሲያመልጣት በዓይኗ ትከተለዋለች። አልጋ ሥር ቢገባ እንኳ የገባበትን ስላየች ተንበርክካ ታወጣዋለች። ወንድሟ ግን ማንኪያ ከጣቱ ሲያመልጠው የሚደርሰው አንዲት «ቀጭ» የምትል ድምፅ ናት፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው። ድምፁ ከቀኝ ይሁን ከግራ፣ አንድ ክንድ ይራቅ ሁለት ክንድ፣ ለይቶ ሳይጨርስ አለቀ። እጁን ዘርግቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶ ወለል ከዳሰሰ በኋላ መፈለግን ይተወዋል። ድምፅ ሰምቶ እጅን ወደ ድምፁ መስደድ፣ አይቶ ከመስደድ ዘግይቶ የሚመጣ ችሎታ ነው፤ ሳይለማመዱት አይመጣም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መቀመጡ ስንፍና አይደለም፤ ብቻውንም የአእምሮ ችግር ምልክት አይደለም። ነገሮች ከእጁ ሲወጡ ከዓለምም እንደሚወጡ በተደጋጋሚ ስለደረሰበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መጫወቻ፣ ሌሎቹ መጫወቻዎች የሚወድቁበት ቦታ ነው። ቤትሽ ውስጥ የእንጨት ገበቴ ካለ እሱን አውጪው። ከሌለም ገበያ ስትወጪ ግዢ፤ ወርዱ ክንድ ያህል፣ ውስጡ ጎድጎድ ያለ ይሁን። ገበቴን የምመርጠው ጎኑ ወደ መሐል ስለሚያዘነብል ነው፤ የወደቀው ነገር ሁሉ ተንሸራትቶ መሐል ላይ ይሰበሰባል። እንጨቱም ሲነካ ይመልሳል። ማንኪያ ሲወድቅበት፣ ጠጠር ሲንከባለልበት፣ ጥፍር ሲቧጥጠው የየራሱ ድምፅ አለው። የብረት ሳፋም ይሠራል፣ ግን ጩኸቱ አንዳንዱን ልጅ ያስደነግጣል። ሰፌድ መዳሰሱ ደስ ይላል፤ ዳሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ነገሩ ዘሎ ይወጣል።

ልጁን ወለል ላይ እግሩን ከፍቶ እንዲቀመጥ አድርጊና ገበቴውን በእግሮቹ መሐል አስቀምጪ። ጀርባውን ግድግዳ ያስደግፍ። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን አጥፊ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው፤ ለእሱ የተከፈተ ቴሌቪዥን ለእኛ ዓይን ውስጥ እንደገባ ጭስ ነው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ክተቺ፦ የብረት ማንኪያ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ቆርቆሮ። ሦስቱም እውነተኛ ዕቃዎች ናቸው፤ ብርዳቸው፣ ክብደታቸውና ድምፃቸው ይለያያል። ከዚያ በላይ ከሆነ የነገር ክምር ይሆንበታል እንጂ አያውቃቸውም።

አሁን የብዙ እናቶች እጅ የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። የልጁን እጅ ከላይ ይዘሽ ወደ ማንኪያው አትውሰጂው። ለማያይ ልጅ እጁ ዓይኑ ነው፤ በድንገት ተይዞ ወደማያውቀው ነገር ሲጎተት መዳፉን መጨበጥና መሸሽ ይማራል። የራስሽን እጅ ከእሱ እጅ ሥር አድርጊ። መዳፉ በእጅሽ ጀርባ ላይ ይረፍ፤ አንቺ ማንኪያውን ንኪ፣ አንሺ፣ ገበቴውን መቺበት። የእሱ ጣቶች የአንቺን እንቅስቃሴ ይከተላሉ። ሲፈልግ ጣቱን በጣቶችሽ መሐል አሾልኮ ማንኪያውን ራሱ ይነካዋል፤ ሲፈራም እጁን ለማንሳት የሚከለክለው የለም። መጀመሪያ ላይ የሚነካው በአንድ ጣት ጫፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተዪው።

ከዚያ ማንኪያው ይወድቃል፤ መውደቁንም ጠብቂው። ሲወድቅ አንስተሽ እጁ ላይ አታድርጊለት፤ «ገበቴው ውስጥ ነው» በዪና ዝም በዪ። በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። እጁ ካልተንቀሳቀሰ ገበቴውን ከውጭ በጣትሽ ቆርቆር አድርጊ፤ ማንኪያው ውስጡ ይንቀጠቀጥና ያለበትን ራሱ ይናገራል። አሁንም ካልሄደ እጅሽን ከእጁ ሥር አድርገሽ በገበቴው ጎን ቁልቁል አብራችሁ ውረዱ። የምትጠብቂው ለውጥ ይህ ነው፦ አንድ ቀን ማንኪያው ወድቆ ዝም ካለ በኋላ፣ አንቺ ሳትናገሪ፣ እጁ ወደ መሐል ይወርዳል። የወደቀ ነገር እንዳለ እንደሚቆይ ገባው ማለት ነው። ያ እስኪሆን ሌላ መጫወቻ አትጨምሪ፤ ዕቃዎቹንም አትቀያይሪ።

ሊሊ ኒልሰን የምትባል ዴንማርካዊት ዓይነ ስውር ሕፃናትን ስታስተምር ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትታው ነበር። ዕቃዎቹን በገመድ አንጠልጥላ፣ ልጁ ሲለቃቸው ተወዛውዘው ወደነበሩበት የሚመለሱባት ትንሽ ክፍል ሠራች። የእሷ ክፍል ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለትንንሾችና ተደራራቢ ጉዳት ላለባቸው ልጆች ነው፤ ሐሳቡን ግን ምግብ ስትሠሪ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። የሚወዳቸውን ሁለት ነገሮች ከወንበሩ ክንድ ላይ በክር እሰሪ። ክሩ ከአንድ ስንዝር አይብለጥ፤ ረዥም ክር የልጅ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

ገበቴውን ከለመደ በኋላ ድምፅን ከድምፅ ወደ መለየት እንሂድ። ለዚህ የሚሆነውን ማንም ፋብሪካ ከሚሠራው አሳምረሽ ቤትሽ ትሠሪዋለሽ። በቅርጽም በመጠንም አንድ ዓይነት የሆኑ አራት ትንንሽ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ፈልጊ። ስስ የሆነው የውኃ ሃይላንድ አይሁን፤ ሲጨበጥ ራሱ እየተንኮሻኮሸ የውስጡን ድምፅ ይሸፍናል። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥም አይሁን። መጠኑ ለእጁ ልክ ስለሆነ ያጓጓል፣ ግን ልጁ «ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ብልቃጥ መጫወቻ ነው» ብሎ ከተማረ የአያቱን ኪኒን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አስቢው።

ጠርሙሶቹን አጥበሽ ሁለት ቀን አፋቸውን ደፍተሽ አድርቂያቸው፤ እርጥበት ከቀረ እህሉ ይጣበቃል፣ ይሻግታልም። በሁለቱ ውስጥ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጤፍ፣ በሌሎቹ ሁለቱ ያንኑ ያህል ባቄላ ጨምሪ። አትሙያቸው፤ እህሉ የሚሮጥበት ባዶ ቦታ ከሌለው ድምፅ የለም። ክዳኑን ሙጫ ቀብተሽ ዝጊና በላዩ ላይ በፕላስተር ጠቅልዪ። ትንሿ እህቱ ባቄላ አፍንጫዋ ውስጥ ከመክተት አትመለስም።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። እንዲህ ያሉ ጠርሙሶች ሠርቼ ለአንዲት ልጅ ሰጠኋት፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አጣመረቻቸው። ደስ አለኝ። በሳምንቱ ጠጋ ብዬ ስመለከት ግን ጠርሙሶቹን አትነቀንቃቸውም ነበር። የጤፎቹ ክዳን ጥርሳም፣ የባቄላዎቹ ለስላሳ ነበር፤ እሷ የምትለየው በክዳኑ ነው። ጎበዝ ናት፣ ጨዋታዋን እኔ ነኝ ያበላሸሁባት። ስለዚህ ክዳኑም፣ የፕላስተሩ አጠቃለልም፣ የወረቀቱ መላጥም አንድ ዓይነት ይሁን።

አጫዋወቱ እንዲህ ነው። አንድ የጤፍ ጠርሙስ እጁ ላይ ስጪው፣ ይነቅንቀው፤ «ይህ ሽሽሽ የሚለው ጤፍ ነው» በዪው። ጤፉንም በትንሽ ሳህን አቅርቢለትና ጣቱን ይክተትበት፤ ስም ብቻውን ምንም አይነግረውም። ገበቴው ውስጥ አንድ የጤፍና አንድ የባቄላ ጠርሙስ አስቀምጪና «ወንድሙን ፈልግለት» በዪ። ብዙ ልጆች ሁለቱን ጠርሙስ በሁለት እጅ ይዘው አብረው ይነቀንቃሉ፤ ያኔ ድምፆቹ ይደባለቁና ልጁ በዘፈቀደ ይመርጣል። አንዱን ነቅንቆ ጆሮ ሰጥቶ ካስቀመጠ በኋላ ሌላውን እንዲያነሳ እጅሽን ከእጁ ሥር አድርገሽ አሳዪው። በትክክል እያዳመጠ መሆኑን የምታውቂው በጸጥታው ነው። ከሁለተኛው በፊት ጥቂት ይቆማል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ዓይኑን ወደ አንቺ ካላዞረ አልሰማኝም አትበዪ፤ ማዳመጥ ለእሱ ፊትን ማዞር አይደለም። ጤፍና ባቄላን ከለየ ሦስተኛ ጥንድ በምስር ጨምሪ። ምስር በሁለቱ መሐል ስለሆነ የሚከብደው እሱ ነው፤ ሳምንታት ቢፈጅ አይግረምሽ።

ኳስ ሳልል ብቀር ቅር ይልሻል፤ ሰው ሁሉ «ቃጭል ያለበት ኳስ ግዢለት» ስለሚል። ቃጭሉ የሚናገረው ኳሱ ሲንከባለል ብቻ ነው። ሲቆም ያው ማንኪያ ነው፣ ይጠፋል። ዓይነ ስውራን ስፖርተኞች የሚጫወቱት ጎልቦል የሚባል ጨዋታ አለ። በ1946 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተፈጥሮ፣ ከ1976 ጀምሮ በፓራሊምፒክ የሚካሄድ ነው። ኳሱ ውስጥ ቃጭል አለ፤ ጨዋታው ሲካሄድ ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ዝም ይላል። ያም ሆኖ ሜዳው ክፍት አይደለም፤ መስመሮቹ ሥር ገመድ ተዘርግቶ በላዩ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ተጫዋቹም ያለበትን በእግሩና በእጁ ዳስሶ ያውቃል። የሠለጠኑ አዋቂዎች ዳር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ለ5 ዓመት ልጅማ እንዴት አያስፈልገውም?

የልጅሽ ሜዳ እህቱ ናት። ሁለቱ ፊት ለፊት ወለል ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸውን ይክፈቱ፣ የእግራቸው መዳፍ ይገጣጠም። በአራቱ እግር መሐል የተዘጋ ሜዳ ተፈጠረ፤ ኳሱ የትም ቢንከባለል የአንዱን ጭን ወይም ቁርጭምጭሚት መትቶ ይቆማል። የት እንደቆመም ቆዳው ይነግረዋል። ኳሱን ከአሮጌ ካልሲ ጠቅልለሽ፣ በላዩ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ የተቆረጠ ጨርቅ ስፊበት። ጆንያው ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል፣ ሲያዝም ይሻክራል። መሐሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቃጭል ብትጨምሪ ጥሩ ነው። በፌስታል መጠቅለል የሚቀል ይመስላል፤ ግን ፌስታል ተፈትቶ ትንሿ ፊቷ ላይ ብታደርገው ያፍናታል። ከመንከባለሉ በፊት የሚልከው ልጅ የሌላውን ስም ይጥራ። እህቱ ስሙን ጠርታ፣ እሱ «እሺ» ሲል ትልካለች።

ስለ መንጠቋም ከዚሁ ጋር እንጨርሰው። ያለ ድምፅ የተነጠቀ ነገር ለእሱ ከወደቀው የባሰ ነው፤ ወዴት እንደሄደ የሚያመለክት «ቀጭ» እንኳ የለውም። የ3 ዓመት ልጅ አትንኪ ብትባል አትሰማም፣ መለዋወጥ ግን ትችላለች። የምትፈልገውን ከመውሰዷ በፊት ሌላ ነገር መዳፉ ላይ እንድታደርግና «ልውሰድ» እንድትል አለማምጃት። ባዶ እጅ አይቅር።

አጎቱ የላከውን መኪና አትጣዪው፤ ጥሩ ሥራ አለው። ጆሮው ላይ የሚለጥፈው በመኪናው የሚያደርገው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። መጀመሪያ ድምፅ ማውጫው ላይ ሁለት ድርብ ፕላስተር ለጥፊና ድምፁን አለዝቢው፤ ጆሮ ላይ ተለጥፎ የሚጮህ ነገር መስሚያን ይጎዳል። የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆኑን እዪ። በተለይ ክብ፣ የልብስ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ከሆነች ትንሿ ብትውጣት የጉሮሮዋን ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ስለምታቃጥል፣ የዋጠች ከመሰለሽ ምልክት ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል ሩጪ። ይህን ካስተካከልሽ በኋላ መኪናውን ለእህቱ ስጫት። የክፍሉ ደፍ ላይ ትቁምና ታዘፍነው፤ እሱ ዘፈኑ ሳያልቅ ይድረስበት። የማያቋርጥ ድምፅ ከአንዲት «ቀጭ» በጣም ይቀላል፣ አካሄዱን እያረመ ይከተለዋል። መጀመሪያ በሦስት እርምጃ ርቀት ጀምሩ፣ ከዚያ ከሌላው ክፍል። መንገዱ ላይ ያለውን በርጩማ አንሺ።

ብርሃን መለየቱንም ተጠቀሚበት። ገበቴውን ስታስቀምጪ መስኮቱ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ይሁን፤ ከጊዜ በኋላ መስኮቱ የት እንደሆነ አውቆ የራሱን አቅጣጫ ይይዛል። ፊት ለፊቱ ግን አይሁን፣ ያደናግረዋል። የዓይን ምርመራውም አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለቀ ነገር አይደለም። ቆየት ካለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የዓይን ሕክምና ማዕከል እንደገና ይዩት። ቅርጽ ወይም ቀለም የሚለይ ሆኖ ከተገኘ በጥቁር ገበቴ ላይ ነጭና ቢጫ ዕቃ መጠቀም ትጀምሪያለሽ።

አሁን ገበያው። የፕላስቲክ አንበሳ፣ የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ የፕላስቲክ ጀልባ አትግዢለት። በዓይን ለምናይ የነገሩ ሥዕል ናቸው፤ በጣት ግን ሦስቱም ጎርበጥ ጎርበጥ ያሉ ለስላሳ ፕላስቲኮች ናቸው። ትንሽ አምሳያ ለማያይ ልጅ ትርጉም የሚኖረው ትልቁን አስቀድሞ ከዳሰሰ ነው። አንቺ ደግሞ ጣና ዳር ነሽ። አንድ ጠዋት ታንኳዎች ተጎትተው ከሚደርቁበት ዳርቻ ውሰጂው፤ ባለቤቱን አስፈቅጂ። መጀመሪያ አንድ የደንገል ግንድ ስጪው። የደንገል ግንድ ክብ አይደለም፣ ሦስት ጎን አለው፤ ልጁ ሦስቱን ጠርዝ በጣቱ ሲያገኝ የሚያሳየው ፊት አይረሳሽም። ሲሰበር ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው። ከዚያ ከታንኳው አፍንጫ ጀምሮ እጁን ሳያነሳ እስከ መጨረሻው በእግሩ ይሂድ፤ እርምጃውን ይቁጠር። የታሰረበትን ገመድ ይዳስስ፣ ደረቁን ጫፍና ውኃ የጠጣውን ሆድ ያነጻጽር። መሐሉ ይቀመጥ። ውኃው ውስጥ ግን እግሩን አያስገባ፤ ጣና ዳር የቢልሃርዝያ ትል አለ።

እዚያው ከተማ ለእንግዳ የሚሸጠውን ከደንገል የተሠራ ትንሽ ታንኳ የምትገዢለት ከዚያ ስትመለሱ ነው። አሁን አፍንጫውን በጣቱ ያውቀዋል። ሳፋ ውስጥ ውኃ አድርጊና ያንሳፍፈው፤ አንድ አንድ ጠጠር ይጫንበት፣ ሲሰምጥ ምን ድምፅ እንደሚያወጣ ይስማ። ሳፋውም እንደ ገበቴው ዳር አለው፣ ታንኳው የትም አይሄድም። አጠገቡ ሆነሽ ተጫወቺ፤ ሲጨርስ ውኃውን ድፊ።

ካለሽ ገንዘብ ላይ የሚተርፍ ካለ ገበጣ ግዢ። ገበጣ ለዓይነ ስውር ልጅ ተብሎ የተሠራ ይመስለኛል፦ እያንዳንዱ ጠጠር ጉድጓድ አለው፣ ጉድጓዱም አይንቀሳቀስም። ሕጉን አሁን አታስተምሪው። በአንዱ ረድፍ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ሽምብራ ይጣል፤ ግራ እጁ የደረሰበትን ጉድጓድ ይያዝ፣ ቀኙ ይጣል። ይህ የሁለት እጅ ሥራ ኋላ ብሬል ሲያነብ ያስፈልገዋል። ከዚያም አናጺ ዘንድ ሄደሽ በአንዲት መዳፍ የምታህል ጣውላ ላይ ስድስት ጉድጓድ አስቆፍሪ፤ ሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሦስት። የብሬል ፊደል ሁሉ ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች ነው የሚሠራው፤ የግራው ዓምድ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፣ የቀኙ 4፣ 5፣ 6 ይባላል። «ሁለት ላይ አንድ ሽምብራ ጣልልኝ፣ አምስት ላይ ደግሞ» እያልሽ ተጫወቺ። የላይኛው ግራ ጥግ የትኛው እንደሆነ እንዲያውቅ አናጺው እዚያ ጋ የጣውላውን ጥግ ቆረጥ ያድርገው፤ ጉድጓዶቹንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ይስጥሽ።